የቤንጋሊ ግሥ ሲያጥር አክብሮቱ አይቀርም

በቤንጋሊ ሁለት የጽሑፍ ስልቶች አሉ፤ ረጃጅም ግሦች ያሉት አሮጌው «ሻዱ» እና ለንግግር የቀረበው «ቾሊቶ»። ፕሮሞቶ ቾውዱሪ በ1914 «ሾቡጅ ፖትሮ» የተባለውን መጽሔት መሥርተው ለቾሊቶ ከተሟገቱ ወዲህ፣ ሻዱ ቀስ በቀስ ከዕለት ተዕለት ጽሑፍ ወጥቷል።

በሻዱ የተጻፈን ጽሑፍ ለተራ አንባቢ የሚያድስ አርታኢ በግሦቹ ይጀምር። «እሳቸው ቤት ተመልሰው ደብዳቤ እየጻፉ ነው» ለማለት ሻዱ «ቲኒ ባሪ ፊሪያ ቺቲ ሊኪቴቼን» ይላል። በቾሊቶ «ፊሪያ» ወደ «ፊሬ»፣ «ሊኪቴቼን» ወደ «ሊክቼን» ያጥራል። መጨረሻ ላይ ያለው የአክብሮት ምልክት «ኤን» ግን አይነካም። እሱን ጥሎ «ሊክቼ» ብሎ መጻፍ አንቱ የተባለውን ሰው አንተ እንደ ማለት ነው።

ቀጥሎ ተውላጠ ስሞች ይታያሉ፤ «ታሃር» «ታር» ይሆናል። ከሳንስክሪት የመጡ ከባድ ስሞች ግን ቾሊቶ ውስጥም ስለሚገቡ፣ የሚቀየሩት አንባቢን ካስቸገሩ ብቻ ነው።

ትልቁ ስህተት ሁለቱን መቀላቀል ነው። «ፊሪያ» ሳይታረም «ሊክቼን» ከተከተለው አንባቢው ወዲያው ይሰናከላል፤ ቤንጋሊዎች ይህን ጉድለት «ጉሩቾንዳሊ» ይሉታል። ስለዚህ በመጨረሻው ንባብ በዓረፍተ ነገሩ መካከል ያሉትን ግሦች ለይቶ ማየት ይበጃል፤ ከማሰሪያው ግሥ ይልቅ ከዓይን የሚያመልጡት እነሱ ናቸው። ከሌላ ሰው ጽሑፍ በቀጥታ የተጠቀሰ ቃል ብቻ በሻዱ እንዳለ ይቀመጣል።