የኤሌክትሪክ ሽቦ ደጃፍ ላይ ሲወድቅ

ክረምት ላይ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲጥል ባሕር ዛፍ ይገነደስና ከምሰሶ ምሰሶ የተዘረጋውን ሽቦ ይዞት ይወርዳል። ሽቦው ጭቃ ላይ ተጋድሟል፤ ድምፅም ብልጭታም የለውም፤ የሰፈሩ መብራትም ጠፍቷል። ያኔ አንዱ «መብራት ስለሌለ ምንም አያደርግም» ብሎ ከመንገድ ሊያነሳው ይጠጋል። አደጋው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ቆጣሪያችን ጋ የሚደርሰው ኃይል 220 ቮልት ነው። ወደ ሰፈሩ ትራንስፎርመር የሚመጣው መስመር ግን በአብዛኛው 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ይሸከማል። ይህ መስመር ሲበጠስ ኃይሉን የሚቆርጥ መከላከያ አለው፤ መከላከያው የሚሠራው ግን ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ ሲፈስ ነው። ሽቦው ደረቅ መሬት ወይም አስፋልት ላይ ካረፈ የሚፈሰው መጠን ያንሳል፤ መከላከያው ሳይነካው ያልፋል፤ ሰውን ለመግደል ግን ይበቃል። ኃይሉ ቢቋረጥም እንኳ ማከፋፈያ ጣቢያው ውስጥ ያለ መሣሪያ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መልሶ ሊያገናኘው ይችላል። በአግባቡ ያልተገጠመ የጎረቤት ጄኔሬተርም ወደ መስመሩ ኃይል ይመልሳል። ስለዚህ ማንኛውም የወደቀ ሽቦ፣ ጥቁር ልባስ ያለውም ቢሆን፣ ባለሙያ መጥቶ እስኪያረጋግጥ ድረስ ኃይል እንዳለው ይቆጠራል።

ሽቦውን አለመንካት ብቻም አይበቃም። ኃይሉ ካረፈበት ነጥብ ተነስቶ በመሬቱ ውስጥ እየደከመ ይሠራጫል። አንድ እግር ለሽቦው ቀርቦ ሌላው ራቅ ብሎ ሲረግጥ በሁለቱ መካከል ያለው የቮልት ልዩነት ኃይሉን በአንዱ እግር አስገብቶ በሌላው ያስወጣዋል። የፊትና የኋላ እግራቸው የተራራቀ ከብቶች በዚህ መንገድ ቶሎ የሚሞቱት ለዚህ ነው። ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፤ መሬቱ ውኃ ካቆረ ደግሞ ከዚያም በላይ። ሽቦው አጠገብዎ ከወደቀ አይሩጡ። እግሮችዎን አጠጋግተው፣ ከመሬት ሳያነሱ፣ በአጭር በአጭሩ እየጎተቱ ይራቁ። ሽቦው ቆርቆሮ አጥር ላይ ካረፈ አጥሩ በሙሉ፣ የብረት በሩም ጭምር ኃይል ሊይዝ ስለሚችል በሌላ በኩል ይውጡ።

ሽቦው መኪና ላይ ቢወድቅ ተሳፋሪዎቹ እርዳታ እስኪደርስ ከውስጥ ይቆዩ። መኪናው እሳት ካልተነሳበት በቀር መውረድ የለባቸውም። መውረድ ግድ ከሆነ መኪናውንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነኩ፣ እግሮቻቸውን አጋጥመው ዘለው ይውረዱ፤ ከዚያ እግራቸውን እየጎተቱ ይራቁ።

ከባዱ ፈተና ሰው ሲያዝ ነው። ዘመድ ለማዳን በባዶ እጅ የሚሮጥ ሰው ሁለተኛ ተጎጂ ይሆናል። ቤት ውስጥ በ220 ቮልት የተያዘ ከሆነ መጀመሪያ ዋናውን ብሬከር ያጥፉ። ከቤት ውጭ ባለ መስመር ከሆነ ግን ኃይሉ መቋረጡ እስኪረጋገጥ ማንም አይጠጋ፤ ደረቅ እንጨትም ለ15 ሺህ ቮልት መከላከያ አይሆንም። ከሽቦው የተላቀቀ ሰው አካል ኃይል አይዝም፤ መተንፈሱን አይተው ወዲያው ሊረዱት ይችላሉ።

ሽቦ ሳይወድቅም ይናገራል። የዘመመ ምሰሶ፣ የተቆረጠ የምሰሶ ወጋሪ ሽቦ፣ የረገበና በሚያልፍ የጭነት መኪና ሊያዝ የሚችል መስመር፣ ምሰሶ ላይ የሚጮህ ወይም የሚፈነጥቅ መገጣጠሚያ ሁሉ ሊነገር ይገባል። የቤትዎ አንዱ አምፖል ከልክ በላይ ሲደምቅ ሌላው ከፈዘዘ ኒውትራሉ ላልቶ ወይም ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ዋናውን ብሬከር አጥፍተው ይደውሉ። የረገበውን ሽቦ በእንጨት ደግፎ ማንሳት ወይም የነካውን ቅርንጫፍ ራስ መቁረጥ ግን አይሞከርም።

የሚደወለው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ነው፤ ስልኩ ካልተነሳ በአቅራቢያ ወዳለው የአገልግሎት ማዕከል ሰው ይላኩ። «መብራት ጠፋ» ማለት ጥሪውን ከተራ መቋረጥ ጋር ይደባልቀዋል። ይልቁንም እንዲህ ይበሉ፦ «ሽቦ ተበጥሶ ቆርቆሮ አጥር ላይ ወድቋል፤ ሰው አልተነካም፤ ልጆች የሚያልፉበት መንገድ ነው።» ቀጥለው ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ የሚታወቅ ምልክትና ምሰሶው ወይም ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈ ቁጥር ካለ ከሩቅ አንብበው ይንገሩ። አዲስ አበባ ውስጥ እሳት ከተነሳ 939፣ ሰው ከተጎዳ ደግሞ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወላል። ኃይሉ ሳይቋረጥ እሳቱ ላይ ውኃ አይደፋም።

ሠራተኞቹ እስኪደርሱ በመንገዱ ሁለት ጫፍ አንዳንድ አዋቂ ይቁም። በተለይ ማታ፣ መብራት በጠፋበት ሰፈር፣ ሽቦውን የማያየው ሰው ብዙ ነው።