የዲዝኒ ቤታ 1.40 ነው? ምን ያህል እርግጠኛ ነን?

የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲው መምህር አስዋዝ ዳሞዳራን የዲዝኒን አክሲዮን ስጋት ለመለካት ከ1992 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ያሉትን 60 ወራት ወሰዱ። የእያንዳንዱ ወር የአክሲዮኑ ትርፍ፣ የትርፍ ድርሻን ጨምሮ፣ በአንድ ዘንግ፣ የኤስ ኤንድ ፒ 500 በሌላው ዘንግ ሲቀመጥ 60 ነጥቦች ይበተናሉ። ሪግረሽን በመካከላቸው ለነጥቦቹ በጣም የሚቀርበውን መስመር ያሰምራል፤ የመስመሩ ተዳፋት ቤታ ነው። ውጤቱ 1.40 ሆነ፤ ማለትም ገበያው በ1 በመቶ ሲንቀሳቀስ ዲዝኒ በአማካይ በ1.4 በመቶ ይንቀሳቀሳል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ከጎኑ ያለው 0.27 ግን፣ እንደ እኔ እምነት፣ እኩል መነበብ አለበት። ይህ መደበኛ ስህተት ነው፤ ነጥቦቹ ከመስመሩ በራቁ ቁጥር ያድጋል። ሁለት እጥፉን ከ1.40 ብንቀንስና ብንደምር ከ0.86 እስከ 1.94 እናገኛለን። በዚህ ዘዴ ከሚሰሉ 100 ክልሎች 95 ያህሉ እውነተኛውን ቤታ ይይዛሉ። እናም ዲዝኒ ከገበያው የረጋ ነው ወይስ እጥፍ ያህል የሚዋዥቅ፣ መረጃው አልለየም። ባለሀብቱ ለገበያ ስጋት ተጨማሪ 5 በመቶ የሚጠይቅ ከሆነ፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል የአክሲዮን ካፒታሉ ዋጋ 5.4 ነጥብ ይለያያል። አዋጭ የተባለን ፕሮጀክት ለመጣል ይህ በቂ ነው።

ዓመታት መጨመር ስህተቱን ያጠባል፣ ግን ኩባንያው ይለወጣል፤ ዲዝኒ በ1996 ኤቢሲን ጠቅልሎ ነበር። የተሻለው መንገድ የተመሳሳይ ኩባንያዎችን ቤታ ማማከል ነው፦ ስህተታቸው እኩልና እርስ በርስ ያልተያያዘ ከሆነ፣ የ9 ኩባንያዎች አማካይ ስህተቱን ወደ 0.09 ያወርደዋል። ከማማከሉ በፊት ግን የየኩባንያው የዕዳ መጠን ልዩነት መስተካከል አለበት።