ስላይዱ ሪፖርት ሲሆን

የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ በኡካም ሆነ በመቱ ባለ መሥሪያ ቤት አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ መቅረቡ የተለመደ ነው፤ መጀመሪያ በስብሰባ አዳራሽ በስላይድ፣ ቀጥሎ ለፋይል በጽሑፍ። ጊዜ ያጠረው ባለሙያ ነጥቦቹን ገልብጦ ዎርድ ላይ ይለጥፋቸዋል። ገጹ ይሞላል፤ አዳራሹ ውስጥ በቃል የተብራራው ሁሉ ግን ይቀራል።

ለምሳሌ ስለ ያዩ የቡና ደን የተዘጋጀ አንድ ስላይድ እንዲህ ቢል፦

• በዩኔስኮ መመዝገብ
• ሦስት ቀጠናዎች፣ 167 ሺህ ሄክታር
• የደን ቡና ዝርያ ጥበቃ
• የኅብረተሰቡ ተጠቃሚነት

አራቱም መስመሮች ማሰሪያ አንቀጽ የላቸውም። «መመዝገብ» ሲል ተመዘገበ ነው ወይስ ሊመዘገብ ታስቧል? የጠበቀውስ ማን ነው? አቅራቢው ቆሞ ሲናገር እነዚህን በድምፁ ይሞላቸዋል። ወረቀቱን ከወራት በኋላ የሚያነበው ኃላፊ ግን እቅድና ክንውን ይምታቱበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በየነጥቡ ሥር አድራጊውን፣ ጊዜውንና ግሱን መጻፍ ነው። ከስላይዱ በታች ያለው የማስታወሻ ቦታና የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ለዚህ ይረዳሉ።

ነጥቦቹ አንቀጽ ሲሆኑ ይህን ይመስላሉ፦

«ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የያዩ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዘገበ። ስፍራውን ልዩ የሚያደርገው በዛፎቹ ጥላ ሥር በራሱ የሚበቅለው አረቢካ ቡና ነው። ይህ ቡና የሚጠበቀው ደኑ ሲጠበቅ ነው፤ ይሁን እንጂ በአካባቢው የሚኖረው ሕዝብም በቡናው ይተዳደራል። በመሆኑም 167 ሺህ ሄክታር ገደማ የሆነው ስፍራ በሦስት ቀጠናዎች ተከፈለ። 28 ሺህ ሄክታር የሚጠጋው እምብርት ለጥበቃ ተተወ፤ በዙሪያው ባለው ቀጠና ገበሬው የደን ቡናውን ይለቅማል፤ መንደሩና እርሻው ደግሞ በሦስተኛው፣ በሰፊው ቀጠና ውስጥ ናቸው።»

ስላይዱ ላይ ቀጠናዎቹና የቡናው ዝርያ ጎን ለጎን ተቀመጡ እንጂ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑ አልተነገረም። «ይሁን እንጂ» እና «በመሆኑም» የሚሉት ማያያዣዎች ጸሐፊው ያንን ምክንያት በኃላፊነት እንዲናገር ያስገድዱታል። አራተኛው ነጥብ አንቀጹ ውስጥ አልገባም። «ተጠቃሚነት» ማን ምን እንዳገኘ አይናገርምና፣ ባለሙያው ማስረጃ ፈልጎ ራሱን የቻለ አንቀጽ ሊጽፍበት ወይም ሊተወው ይገባል።

ነጥብ በነጥብ መደርደር ምን ሊሸፍን እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2003 ኮሎምቢያ በተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ላይ የደረሰው አደጋ አሳይቷል። መንኮራኩሯ ስትነሳ የተላቀቀ የአረፋ ቁራጭ ክንፏን መታ። ገና ሕዋ ላይ እያለች መሐንዲሶች ጉዳቱን የሚገመግም ስላይድ አቀረቡ። ርዕሱ የሚያረጋጋ ነበር። ቁራጩ ቀድሞ ከተሞከሩት 640 እጥፍ እንደሚበልጥ የሚያሳየው መረጃ ግን ከታች፣ በትንንሽ ፊደል በተጻፈ ንዑስ ነጥብ ውስጥ ነበር። መንኮራኩሯ ስትመለስ ተበታትና ሰባቱም ተጓዦች ሞቱ። መርማሪው ቦርድ በቴክኒክ ጽሑፍ ፈንታ ስላይድ የማቅረብ ልማድን በስም ጠቅሶ ነቅፏል። ያ ንዑስ ነጥብ በአንቀጽ ቢጻፍ ኖሮ «ሙከራው ይህን አይመለከትም» ከሚል ዐረፍተ ነገር ማምለጥ ያስቸግር ነበር።

ኮምፒውተሩ በከፊል ያግዛል። ፓወርፖይንት ላይ ስላይዱን `Outline/RTF` በሚለው ዓይነት አስቀምጠው በዎርድ ሲከፍቱት የስላይዶቹ ርዕሶች `Heading 1` ሆነው ይመጣሉ። ነገር ግን ነጥቦቹም `Heading 2` እና ከዚያ በታች ያሉ ርዕሶች ይሆናሉ፤ ሳይስተካከሉ ከቀሩ ማውጫው በነጥብ ይጥለቀለቃል። ለብቻው በተሳለ ሳጥን ውስጥ የተጻፈና በምስል የተቀመጠ ነገር ደግሞ ጭራሽ አይመጣም። ስለዚህ ሰነዱን ከስላይዱ ጋር ገጽ በገጽ ማመሳከር ያስፈልጋል።

የስላይድ ርዕስም እንዳለ የሪፖርት ርዕስ አይሆንም። ሦስት ስላይዶች «ችግሮች»፣ «ችግሮች የቀጠለ»፣ «መፍትሔ» ቢሉ፣ ሪፖርቱ ውስጥ «የቡና ማድረቂያ አልጋ እጥረትና የተወሰደው እርምጃ» በሚል አንድ ርዕስ ሥር ሊጠቃለሉ ይችላሉ። በአንድ ርዕስ ሥር የመጡት አንቀጾች መያያዛቸው የሚፈተሸው የሁለቱን ቦታ በማለዋወጥ ነው፤ ተለዋውጠው ምንም ካልተዛባ ገና ተደርድረዋል እንጂ አልተያያዙም።

ሁሉም ነገር አንቀጽ መሆን የለበትም። የቀበሌዎች የችግኝ ቁጥርና የበጀት ዝርዝር በሠንጠረዥ ቢቀመጡ ይሻላል፤ ከሠንጠረዡ በላይ ግን የትኛው ቀበሌ ከእቅዱ ወደኋላ እንደቀረና ለምን እንደሆነ የሚናገር ዐረፍተ ነገር ይገባል።