ስልክን ከብሉቱዝ ደረሰኝ ማተሚያ ጋር ማገናኘት፦ «ተጣምሯል» እያለ የማያትመው ለምንድን ነው?

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው በአንድሮይድ ስልክ የሽያጭ መተግበሪያ ለሚጠቀሙና 58 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ወረቀት የሚወስድ አነስተኛ የብሉቱዝ ማተሚያ ላላቸው የሱቅ ባለቤቶች ነው። መተግበሪያው ከግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ዕውቅና ያላገኘ ከሆነ፣ ከማተሚያው የሚወጣው ወረቀት ለደንበኛው ማስታወሻ ከመሆን አልፎ በሕግ የሚጠየቀውን ደረሰኝ እንደማይተካ ማወቅ ይገባል።

በቅድሚያ ማተሚያው ብቻውን መሥራቱን ያረጋግጡ። ወረቀት አስገብተው ማተሚያውን ያጥፉ፤ ከዚያም የወረቀት ማውጫውን ቁልፍ ተጭነው እንደያዙ ያብሩት። አብዛኞቹ ማተሚያዎች በዚህ ጊዜ የሙከራ ወረቀት ያወጣሉ፤ በላዩም የማተሚያው የብሉቱዝ ስም፣ ብዙውን ጊዜም የይለፍ ቁጥሩ ይገኛል። ወረቀቱ ባዶውን ከወጣ ተገልብጦ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ትክክለኛው ገጽ በጥፍር ሲጫር የሚጠቁረው ነው።

ቀጥሎ በስልኩ ቅንብሮች ውስጥ ብሉቱዝን ከፍተው ያነበቡትን ስም ይምረጡ። የይለፍ ቁጥር ሲጠየቁ በሙከራው ወረቀት ላይ ያለውን፣ ከሌለም 0000 ወይም 1234 ያስገቡ። «ተጣምሯል» የሚለው ጽሑፍ ሲታይ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ጽሑፉ የሚያመለክተው ሁለቱ መሣሪያዎች መተዋወቃቸውን ብቻ ነው። ግንኙነቱን የሚከፍተው የሽያጭ መተግበሪያው በመሆኑ፣ በመተግበሪያው የማተሚያ ቅንብር ውስጥም ያንኑ ስም መምረጥና የወረቀቱን ስፋት 58 ሚሊ ሜትር ማድረግ ያስፈልጋል። ስሙ በዚያ ካልታየ፣ በአንድሮይድ 12 እና ከዚያ በኋላ በወጡ ስልኮች ላይ ለመተግበሪያው «Nearby devices» የተባለው ፈቃድ መሰጠቱን ይመልከቱ።

ሁሉም ተስተካክሎ ሳለ ኅትመት የሚቋረጥበት አንድ የተለመደ ሁኔታ አለ። ለምሳሌ ሻጩ ጠዋት በራሱ ስልክ ያለ ችግር ሲያትም ቆይቶ፣ የሱቁ ባለቤት ከሰዓት በኋላ መጥተው በስልካቸው አንድ ሽያጭ ያትማሉ። ከዚያ በኋላ የሻጩ ስልክ «ተጣምሯል» እያለ ማተም ያቅተዋል። ማተሚያው አልተበላሸም፤ ብዙዎቹ አነስተኛ ማተሚያዎች በአንድ ጊዜ የሚያገለግሉት አንድ ስልክ ብቻ በመሆኑ፣ ግንኙነቱን የባለቤቱ ስልክ ይዞታል። መፍትሔው በባለቤቱ ስልክ ላይ ብሉቱዝን ማጥፋት፣ ከዚያም በሻጩ ስልክ እንደገና ማተም ነው። የሌላው ስልክ ብሉቱዝ ጠፍቶም ካላተመ ብቻ፣ ማተሚያውን ከስልኩ ዝርዝር ሰርዘው፣ አጥፍተውና አብርተው በድጋሚ ያጣምሩ።

ኅትመቱ ወጥቶ የአማርኛው ጽሑፍ በጥያቄ ምልክት ወይም በማይነበብ ፊደል ቢተካ፣ ጉድለቱ የግንኙነት አይደለም፤ ማተሚያው የግእዝ ፊደላት የሉትም። መተግበሪያው ደረሰኙን በምስል መልክ የማተም አማራጭ ካለው ያንን ይምረጡ፤ ኅትመቱ ጥቂት ቢዘገይም ጽሑፉ በትክክል ይወጣል።