ሰባት ቀን ለሊሚት

ፈተናው የሚመጣው ሰኞ ነው እንበል፤ ዛሬም ሰኞ ነው። ብዙ የፍሬሽማን ተማሪ ይህን ሳምንት የሚጀምረው ሃንድአውቱን ከገጽ አንድ እንደገና በማንበብ ነው። ሲያነቡት ሁሉም የገባ ይመስላል። እኔ ብሆን ዛሬ ማታ ደብተሬን ዘግቼ ከዎርክሺቱ አሥር ጥያቄ እሠራለሁ፤ የተሰናከልኩበትን መስመር ብቻ በቀይ አሰምርበታለሁ። የቀሩት ቀናት የሚከፋፈሉት በቀዩ ብዛት ነው።

ቀዩ አብዛኛውን ጊዜ የሚበዛው 0/0 የመጣበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ማክሰኞና ረቡዕ ለእሱ ይሰጡ። 0/0 «መልሱ ዜሮ ነው» ማለት አይደለም፤ «ሊሚት የለም» ማለትም አይደለም። ሥራው ገና አላለቀም ማለት ነው። ፖሊኖሚያል ከሆነ ፋክተር ይደረጋል፤ ስኩዌር ሩት ካለበት ከላይም ከታችም በኮንጁጌቱ ይባዛል።

ሐሙስ የግራና የቀኝ ሊሚት፣ ዓርብ ኮንቲኒዊቲ። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ጥያቄ እንይ፦

x < 3 ሲሆን f(x) = (x² − 9)/(x − 3)
x ≥ 3 ሲሆን f(x) = ax − 3

f በ x = 3 ላይ ኮንቲኒየስ እንዲሆን a ስንት ይሁን? የተቸኮለ ተማሪ የላይኛው ላይ 3ን ይተካል፣ 0/0 ያገኛል፣ እሱን እንደ ዜሮ ቆጥሮ 3a − 3 = 0 ይልና a = 1 ብሎ ያልፋል። ስሌቱ ንጹሕ ስለሚመስል ስህተቱ አይታየውም። ግን 2.99ን በካልኩሌተር ቢሞክር 5.99 ይመጣለታል፤ በ a = 1 የቀኙ ወገን 3 ላይ ዜሮ ነው። ግራፉ እዚያ ላይ በ6 ተሰብሯል። ትክክለኛው መንገድ (x − 3)(x + 3) ብሎ ፋክተር አድርጎ (x − 3)ን ማጣፋት ነው፤ ይህም የሚቻለው x ወደ 3 ስለሚጠጋ እንጂ 3 ስለማይሆን ነው። የግራው ሊሚት 6 ይሆናል። የቀኙ ሊሚትም፣ f(3) ራሱም 3a − 3 ናቸው። 3a − 3 = 6፣ ስለዚህ a = 3።

መልሱ ሲጻፍ ሦስቱም ይታዩ፦ የግራው ሊሚት፣ የቀኙ ሊሚት፣ f(3)። a = 3 ብቻ ጽፎ የሄደ ተማሪ ኮንቲኒዊቲን አላሳየም፤ ማርክ የሚቆረጠውም እዚህ ጋ ነው።

ኤፕሲሎን-ዴልታ የቀረበት ተማሪ በዚህ ሳምንት ከቀጥታ መስመር አይለፍ። ለምሳሌ 2x + 1 ወደ 7 መሄዱን x ወደ 3 ሲጠጋ ማሳየት፦ |2x + 1 − 7| = 2|x − 3| ስለሆነ δ = ε/2 ይበቃል።

ቅዳሜ የአምና ፈተና፣ ሰዓት ተይዞ፣ ስልክ ተዘግቶ። እሑድ ቀይ የተሰመረባቸውን ብቻ እንደገና ከባዶ መሥራት ነው። ከመተኛት በፊት ደግሞ ካልኩሌተሩ ላይ sin(0.01) ÷ 0.01 ይሞከር። ወደ 1 የተጠጋ ቁጥር መምጣት አለበት። 0.01745 ካለ ግን ካልኩሌተሩ ያለው ዲግሪ ላይ ነው፤ ወደ ራዲያን ይቀየር።