ከከንፈር እስከ ማንቁርት፦ የአማርኛ ተነባቢዎች በአንድ ሰንጠረዥ

ተነባቢ ድምፅ የሚፈጠረው ወደ ውጭ የሚወጣ አየር በመንገዱ ላይ እንቅፋት ሲገጥመው ነው። አናባቢ ሲነገር አፍ ክፍት ስለሆነ አየሩ ሳይታገድ ያልፋል። ተነባቢ ሲነገር ግን ምላስ ወይም ከንፈር መንገዱን ይዘጋዋል፣ አለዚያም ያጠበዋል። እንቅፋቱ የሚገጥምበት ቦታ መካነ ፍጥረት ይባላል። እንቅፋቱ አየሩን የሚይዝበት መንገድ፣ ማለትም ፈጽሞ ማገዱ፣ በጠባብ ቀዳዳ ማሳለፉ ወይም ወደ አፍንጫ ማዞሩ፣ ባህሪየ ፍጥረት ይባላል። በሥነ ድምፅ ትምህርት መጀመሪያ ላይ የሚታየው ሰንጠረዥ እነዚህን ሁለት ነገሮች አገናኝቶ የሚያሳይ ነው። ዓምዶቹ ቦታውን፣ ረድፎቹ ሁኔታውን ይይዛሉ።

በ1886 በፓሪስ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የሥነ ድምፅ ማኅበር የሚያወጣው ሰንጠረዥ የዓለምን ቋንቋዎች ሁሉ ለማስተናገድ የተዘጋጀ በመሆኑ ሰፊ ነው። ለአማርኛ ብቻ ሲሆን በጣም ይጠባል፤ አቀማመጡ ግን ያው ነው። በስተግራ በኩል ከከንፈር ተነሥቶ በስተቀኝ ወደ ጉሮሮ ይዘልቃል። ከላይ አየሩ ፈጽሞ ከሚታገድባቸው ድምፆች ተነሥቶ ወደ ታች ወደ ልል ድምፆች ይወርዳል።

| ሁኔታ | ከንፈር | ከንፈርና ጥርስ | ድድ | ላንቃ | ትናጋ | ማንቁርት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| እግድ | ፕ ብ ጵ | | ት ድ ጥ | | ክ ግ ቅ | እ |
| እግድ-ሹልክልክ | | | | ች ጅ ጭ | | |
| ሹልክልክ | | ፍ ቭ | ስ ዝ ጽ | ሽ ዥ | | ህ |
| ሰርናዊ | ም | | ን | ኝ | | |
| ጎናዊ | | | ል | | | |
| ተርገብጋቢ | | | ር | | | |
| ከፊል አናባቢ | ው | | | ይ | | |

ሰንጠረዡ የሚቆጥረው ድምፅን እንጂ ፊደልን አይደለም። ሀ፣ ሐ እና ኀ በዛሬው አማርኛ አንድ ድምፅ ስለሆኑ የሚገቡት በአንድ ሳጥን ነው። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐም እንደዚሁ። ትግርኛ ግን የሐንና የዐን የቆየ ድምፅ ከጉሮሮ ላይኛ ክፍል እያወጣ እስካሁን ይዞ ስለቆየ፣ የትግርኛ ሰንጠረዥ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ያስፈልገዋል።

ቦታዎቹን በራስ አፍ ማረጋገጥ ይቻላል። ብ ሲባል ሁለቱ ከንፈሮች ይገጥማሉ። ፍ ሲባል የታችኛው ከንፈር የላይኞቹን ጥርሶች ይነካል። ለት፣ ለድ እና ለን የምላስ ጫፍ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ወዳለው ድድ ይነሣል፤ ጥርሱን ጭምር የሚነኩ ተናጋሪዎችም አሉ፣ ሰንጠረዡ ግን ሁሉንም ድዳዊ ብሎ በአንድ ዓምድ ያኖራቸዋል። ከድዱ ወደ ኋላ ሲሄዱ ጠንካራው የአፍ ጣሪያ ይገኛል፤ ይህ ላንቃ ነው። ሽ፣ ች እና ኝ ሲነገሩ የምላስ ፊተኛ ክፍል ወደዚያ ይጠጋል። ከላንቃው በስተጀርባ ያለው ለስላሳው ክፍል ትናጋ ነው፤ ክ፣ ግ እና ቅ የሚወጡት የምላስ ጀርባ እዚያ ሲያርፍ ነው። ህ የሚፈጠረው ከሁሉም በታች፣ የድምፅ አውታሮች ባሉበት በማንቁርት ነው።

የሁኔታው ልዩነት ይበልጥ የሚገለጠው ቦታ ሳይለወጥ ነው። ት፣ ስ፣ ን እና ል አራቱም ድዳውያን ናቸው። ለት ምላስ ድዱን ገጥሞ አየሩን ያግድና ድንገት ይለቀዋል፤ ስለዚህ እግድ ተብሏል፣ አስረዝሞም መናገር አይቻልም። ለስ ምላስ ጠባብ ቀዳዳ ትቶ አየሩን በፉጨት ያሳልፋል፤ ትንፋሽ እስኪያልቅ ማስረዘም ይቻላል፣ ሹልክልክ መባሉም ለዚሁ ነው። ን ሲነገር አፍ እንደ ት ተዘግቶ አየሩ በአፍንጫ ይወጣል፤ አፍንጫን በጣት ይዞ ን ለማለት የሞከረ ሰው ድምፁ ወዲያው ይቋረጥበታል። ል ሲነገር የምላስ ጫፍ መሐሉን ቢዘጋም አየሩ በጎንና በጎን ያልፋል። ች፣ ጅ እና ጭ በእግድ ጀምረው በሹልክልክ የሚጨርሱ በመሆናቸው የራሳቸው ረድፍ አላቸው።

በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለትና ሦስት ድምፆች የሚኖሩት የድምፅ አውታሮች ሥራ ስለሚለያይ ነው። ጉሮሮን በጣት ነካ አድርጎ ስስስ፣ ዝዝዝ ቢባል በሁለተኛው ላይ ንዝረት ይሰማል። ዝ ነዛሪ፣ ስ ኢነዛሪ ነው። የብ፣ የድ እና የግ ከፕ፣ ከት እና ከክ መለየትም ይኸው ነው።

ሦስተኛው ዓይነት፣ ጵ፣ ጥ፣ ቅ፣ ጭ እና ጽ፣ ፈንጂ ይባላል፤ አፈጣጠሩም ከሌሎቹ ይለያል። እነዚህ ሲነገሩ የድምፅ አውታሮች ገጥመው የሳንባውን አየር ይዘጉታል። ማንቁርት ወደ ላይ ሲነሣ በአፍ ውስጥ የቀረው አየር ይታመቅና በኃይል ይፈነዳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ትንፋሽን አስወጥቶ፣ ትንፋሽ ሳይስቡ ጉሮሮን እንደዘጉ ጥ፣ ቅ እና ጭ ማለት ይቻላል፤ የሳንባን አየር የሚፈልገው ስ ግን እንዲያ አይወጣም። እንግሊዝኛም ሆነ የዛሬው ዕብራይስጥ ፈንጂን ከኢነዛሪ አይለዩም። በአሜሪካ ወይም በእስራኤል ያደገ የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ «ቀሰሰ» ማለት ፈልጎ «ከሰሰ» የሚመስል ድምፅ ቢያወጣ፣ ቦታውን አልሳተም፤ ምላሱ ትናጋው ላይ በትክክል አርፏል። የጎደለው የማንቁርት መዝጋት ብቻ ስለሆነ ልምምዱም በዚያ ላይ ቢያተኩር ይበጃል።

የሰንጠረዡ እውነተኛ ጥቅም የሚታየው ግን ድምፆች ሲለዋወጡ ነው። ለወንድ «ክፈት» የተባለው ለሴት «ክፈቺ» ይሆናል። በዚሁ መንገድ «ውሰድ» «ውሰጂ»፣ «ሩጥ» «ሩጪ»፣ «ጨርስ» «ጨርሺ»፣ «ያዝ» «ያዢ»፣ «ለምን» «ለምኚ» ይባላል። «ጠብቅ» ግን «ጠብቂ» ነው፣ «ልቀም»ም «ልቀሚ»፤ «ፈልግ» ደግሞ «ፈልጊ»። ተናጋሪው ይህን ሳይማር ያውቀዋል፤ በፊደል ገበታ ቅደም ተከተል ግን ተ፣ ደ፣ ጠ፣ ሰ፣ ዘ እና ነ የሚያገናኛቸው ነገር አይታይም፣ በየቦታው ተበትነዋል። በሰንጠረዡ ላይ ግን ስድስቱም በድድ ዓምድ ይገኛሉ። ተለዋጮቻቸው ች፣ ጅ፣ ጭ፣ ሽ፣ ዥ እና ኝ ደግሞ ሁሉም በላንቃ ዓምድ ናቸው። ለውጡ በሙሉ ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ነው።

ምክንያቱ የሴቷ ምልክት የሆነው ኢ ነው። ይህ አናባቢ ሲነገር የምላስ ፊተኛ ክፍል ወደ ላንቃ ከፍ ይላል። ድዳዊ ድምፅ የሚሠራው በዚያው የምላስ ክፍል ስለሆነ ቀጥሎ ለሚመጣው ኢ ሲዘጋጅ ወደ ኋላ ወደ ላንቃው ይሳባል። ም በከንፈር ስለሚሠራ ምላሱ ነጻ ነው፤ መለወጥ አያስፈልገውም። ቅ እና ግ የሚሠሩት በምላስ ጀርባ ስለሆነ በዛሬው መደበኛ አማርኛ ቦታቸውን ይዘው ይቀራሉ።

ሁኔታው በአብዛኛው እንደተጠበቀ ይቆያል። ሹልክልኩ ስ ሹልክልክ ሽ ይሆናል፤ ሰርናዊው ን ሰርናዊ ኝ። ነዛሪ ነዛሪነቱን፣ ፈንጂም ፈንጂነቱን አይለቅም። እግዶቹ ብቻ በላንቃ ዓምድ ንጹህ እግድ ስለሌለ ወደ እግድ-ሹልክልክ ረድፍ ዝቅ ይላሉ። ል ደግሞ በላንቃ በኩል ጎናዊ ስለማያገኝ ወደ ከፊል አናባቢው ይ ይሄዳል፤ «ክፈል» «ክፈዪ» የሚሆነው ለዚህ ነው። አንድ ድዳዊ ግን ከደንቡ ውጭ ይቀራል። ር በድድ ዓምድ ቢገኝም አይለወጥም፤ «ስበር» «ስበሪ» ነው።

ያው ለውጥ በባለሙያና በአድራጊ ስሞች ላይም አለ። ከፈተ ከፋች፣ ወሰደ ወሳጅ፣ ሮጠ ሯጭ፣ አረሰ አራሽ፣ ለመነ ለማኝ፣ ከፈለ ከፋይ ይሰጣሉ፤ ጠበቀ፣ ለቀመ እና ሰበረ ግን ጠባቂ፣ ለቃሚ እና ሰባሪ። እዚህ ላይ ኢ በላንቃዊው ድምፅ ውስጥ ሰጥማ ጠፍታለች፣ ባልተለወጡት ላይ ግን በግልጽ ትሰማለች።

የግእዝን ፊደል ለአማርኛ ያሰፉት ሰዎች ይህን ዝምድና በጆሯቸው የለዩት ይመስላል። ግእዝ ለእነዚህ የላንቃ ተነባቢዎች ፊደል ስላልነበረው ሸ ከሰ፣ ቸ ከተ፣ ኘ ከነ፣ ዠ ከዘ፣ ጀ ከደ፣ ጨ ከጠ ምልክት እየተጨመረ ተቀረጹ። ምልክቱ በየሳጥኑ ከድድ ወደ ላንቃ ያለውን እርምጃ ያመለክታል። ማንም ሰው ሰንጠረዥ ከመሳሉ ከብዙ ዘመን በፊት የተሠራ ትክክለኛ ሥራ ነው።

የቦታ መሳብ የአጻጻፍ ክርክርም ይፈጥራል። «ወንበር» ወይስ «ወምበር»፣ «አንበሳ» ወይስ «አምበሳ» የሚለው ጥያቄ መነሻው ን ከብ ፊት ሲቆም ከንፈሮቹ አስቀድመው መግጠማቸው ነው። ን ሰርናዊነቱን ሳይለቅ ከድድ ወደ ከንፈር ዓምድ ይሄዳል፤ ውጤቱም ም ነው። «እንግዳ» በሚለው ቃል ደግሞ ን ግን ተከትሎ ወደ ትናጋ ያፈገፍጋል፤ በፍጥነት ሲነገር የምላስ ጫፍ ድዱን አይነካም። ለዚህ ድምፅ ፊደል ስለሌለ ማንም አይከራከርበትም። «ጸጉር» እና «ጠጉር» ግን የሁኔታ ልዩነት ናቸው። ጽ እና ጥ ሁለቱም ድዳውያንና ፈንጂዎች ሆነው አንዱ ሹልክልክ፣ ሌላው እግድ ስለሆነ ብቻ ነው የሚለያዩት።

ሰንጠረዡ የማይዛቸው ነገሮች አሉ። «በራ» ላልቶ ሲነበብና ጠብቆ ሲነበብ ሁለት የተለያዩ ቃላት ነው፤ ር ሲላላ ምላስ ድዱን አንድ ጊዜ ይመታል፣ ሲጠብቅ ይርገበገባል፤ ሳጥኑ ግን አንድ ነው። ቋ፣ ጓ እና ኳ ትናጋውንና ከንፈሩን በአንድ ጊዜ ስለሚጠቀሙ በአንድ ዓምድ በልክ አይገቡም፤ ትናጋውያን ከንፈር ሞጥሟጦች ተብለው ተጨማሪ ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል። ውም በተመሳሳይ ሁለት ቦታ የሚነካ ሆኖ ለቀላልነት ሲባል በከንፈር ዓምድ ብቻ ተቀምጧል። ብ ደግሞ እንደ «አበባ» ባለ ቃል በሁለት አናባቢዎች መካከል ሲላላ ከንፈሮቹ ሙሉ በሙሉ ስለማይገጥሙ ከእግድ ይልቅ ወደ ሹልክልክ ይጠጋል። ሳጥኑ የሚያሳየው ድምፁ ለብቻው ተጠርቶ ሲነገር ያለውን መልክ ነው፤ በንግግር ውስጥ ግን ጎረቤቶቹ ይስቡታል።