የመነጽር ማዘዣዎን ሳይይዙ አይውጡ

አሜሪካ የሚኖር አንድ ታክሲ ነጂ ሐምሌ ላይ፣ በ2025 እሑድ ጠዋት መነጽሩ ተሰበረበት እንበል። ዓይኑን የተመረመረው 14 ወር ቀደም ብሎ፣ ሜይ 15 ቀን 2024 ነው። ማዘዣው እጁ ላይ ካለ ያንኑ ዕለት ክፍት ወደሆነ መነጽር ቤት ይሄዳል፤ ዋጋውንም አወዳድሮ ያሠራል። ከሌለው ግን የመረመረው ሐኪም ቢሮ ሰኞ እስኪከፈት ድረስ ያለ መነጽር፣ ያለ ሥራ ይቀመጣል።

ይህ እንዳይደርስበት የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከ1978 ጀምሮ የሚያስከብረው ደንብ አለ። የመነጽር ልኬት ምርመራው እንዳለቀ ሐኪሙ ማዘዣውን መስጠት አለበት፤ ታካሚው ባይጠይቅም እንኳ። ለምርመራው ያስከፍላል፣ ለወረቀቱ ግን ተጨማሪ ገንዘብ መጠየቅ አይችልም። «መጀመሪያ መነጽሩን ከእኛ ይግዙ» ማለትም አይፈቀድለትም። የሚሰጠው ሰው ቢዘነጋ፣ «ማዘዣዬን ስጡኝ» ማለት መብት ነው።

ወረቀቱን ሲቀበሉ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በሚሊሜትር ተጽፏል ወይ? የፌዴራሉ ደንብ ይህን ቁጥር እንዲጻፍ አያስገድድም፤ በኢንተርኔት መነጽር የሚያዝ ሰው ግን ያለሱ አይሆንለትም።

ታዲያ ማዘዣው ገና ይሠራል? ሁለት ቀኖችን ይመልከቱ፦ ምርመራው የተደረገበትንና አገልግሎቱ የሚያበቃበትን። የመነጽር ማዘዣ ዕድሜ በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል፤ አንድ ወይም ሁለት ዓመት መሆኑ የተለመደ ነው። የታክሲ ነጂው ወረቀት «እስከ ሜይ 15 ቀን 2026» ካለ፣ ገና አሥር ወር ያህል ይቀረዋል።

ይኸው ሰው ኮንታክት ሌንስም ቢያደርግ ነገሩ ሌላ ነው። ኮንታክት ሌንስ በቀጥታ ዓይን ላይ ስለሚቀመጥ፣ የራሱ ማዘዣ አለው፤ በመነጽሩ ማዘዣ ማዘዝ አይቻልም። የሌንሱ ስም፣ ጉብጠቱና ስፋቱ በዚያ ላይ ይጻፋል። በፌዴራል ሕግ ይህ ማዘዣ ቢያንስ አንድ ዓመት ያገለግላል፤ ሐኪሙ የሚያሳጥረው በጤና ምክንያት ብቻ ነው። የአንድ ዓመት ማዘዣ በዚያው ሜይ ተሰጥቶት ከነበረ፣ መነጽሩ በተሰበረበት ቀን የሌንሱ ማዘዣ ጊዜው አልፏል።

ቀኑ ያልደረሰ ማዘዣ ግን ሁልጊዜ ለዓይንዎ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ምርመራው ከተደረገ ወዲህ ከሩቅ ያለ ጽሑፍ ከደበዘዘብዎ፣ ልኬቱ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ስኳሩ ከፍና ዝቅ ሲል እይታው ለጊዜው ይለዋወጣል፤ ስኳሩ ሳይረጋጋ የተወሰደ ልኬት ሲረጋጋ ላይሆነው ይችላል። ድንገተኛ የእይታ ለውጥ ከመጣ፣ መነጽር ከማሠራት በፊት ሐኪም ይቅደም።

ወረቀቱን ከክሊኒኩ ሳይወጡ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ የሚያበቃበት ቀንም በፎቶው ላይ መነበቡን ያረጋግጡ።